ጀማሪውን ወደ ብሌንደር አትላኩት

አንድ ወጣት ቤቱ ውስጥ አንድ ዕቃ ተሰብሮበት «ራሴ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ በስሪዲ ፕሪንተር ላውጣው» ብሎ ሲነሳ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ብሌንደርን አውርድ ይሉታል። ነጻ ነው፤ ትምህርቱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፤ መጀመሪያ እጅህን ታፍታታለህ፣ ወደ ካድ ፕሮግራሞች በኋላ ትሻገራለህ። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ቅኖች ናቸው፤ ብዙዎቹም ብሌንደርን ከእኔ በተሻለ ይችሉታል። ምክሩ ግን ስሕተት ነው። ለመጀመሪያ የምርት ዲዛይን ትክክለኛው መነሻ ሶሊድ ፓራሜትሪክ ሞዴሊንግ ነው። ፖሊጎን አይደለም፤ ነርብስም አይደለም።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ ጠንካራ ክርክር ነውና። እንዲህ ይላሉ፦ ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። በፖሊጎን ሥራ ከአንድ ኩብ ተነስቶ ነጥቡን ይጎትታል፣ ገጹን ይገፋል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓይን የሚይዝ ቅርጽ ያወጣል፤ ጭቃ እንደሚያበጅ ሰው ነው። በፓራሜትሪክ ፕሮግራም ግን ገና መስመር ሲያሰምር ልኬት ይጠየቃል፤ መስመሩ ከየትኛው ጋር ትይዩ እንደሆነ፣ ክቡ ከማዕከሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ካልተናገረ ሥዕሉ ሳይወሰን ይቀራል። ይህ ፈጠራን ያስራል ይላሉ። በዚያ ላይ ፕሪንተሩ የሚቀበለው ፋይል ዞሮ ዞሮ የሦስት ማዕዘኖች ክምር ነው፤ ታዲያ ከመጀመሪያው በዚያው ቋንቋ ቢሠራ ምን ነውር አለው?

ሁለተኛም ወገን አለ። እነዚህ ስለ ውበት የሚጨነቁ ናቸው። ምርት ማለት መልክ ነው፣ መልክ ደግሞ ገጽ ነው፤ የመኪና አካልና የሽቶ ጠርሙስ የሚወጡት ከነርብስ ነው፤ ስለዚህ ጀማሪው በቀጥታ ራይኖን ይክፈት ይላሉ።

ሁለቱንም በአንድ ትንሽ ዕቃ ልሞግታቸው።

አንድ የምሕንድስና ተማሪ የእናቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማዞሪያ ተሰንጥቆ በብሌንደር አዲስ ሠርቶ አመጣልኝ። መልኩ ያምራል። ጣት የሚይዝባቸው ጎድጎዶች ዙሪያውን ወርደውለታል፣ ጠርዙ ለስልሷል፣ የማመልከቻው ጭረትም በቦታው ነው። ምድጃው ላይ ግን አልገባም።

ከምድጃው ግንባር የሚወጣው ዘንግ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጎኑ ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ ከዚያ ጠፍጣፋ ጎን እስከ ማዶው ክብ ድረስ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉን ፊት ለፊት ላየው የላቲኑን ዲ ፊደል ይመስላል። ዘንጉ ከግንባሩ 12.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ልጁ ይህን ሁሉ በካሊፐር በጥንቃቄ ለክቷል። ቀዳዳውንም ልክ 6፣ ጠፍጣፋውንም ልክ 4.5፣ ጥልቀቱን 12 አድርጎ ሠርቷል። በ12ቱና በ12.5ቱ መካከል የቀረችው ግማሽ ሚሊ ሜትር ማዞሪያው ግንባሩን ሳይነካ እንዲዞር ናት። አስቦበታል ማለት ነው።

ያላሰበው አንድ ነገር ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ በክር የሚያነባብር ፕሪንተር ትንንሽ ቀዳዳዎችን አጥብቦ ነው የሚያወጣው፤ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይበላቸዋል። በልኩ ቢያወጣ ኖሮም 6 ሚሊ ሜትር ዘንግ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በእጅ አይገባም፤ መተንፈሻ ክፍተት ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ አውቄአለሁ፤ አምስት በመቶ አሳደግሁትና ገባ» አለኝ። ሁለተኛውን ቅጂ አወጣ። እውነትም ገባ። ሲዞር ግን የምድጃውን ግንባር ይፍቀዋል፤ ቀለሙ ላይ ክብ ጭረት ጥሏል። ለምን? አምስት በመቶው ቀዳዳውን ከ6 ወደ 6.3 ሲያሰፋው ጥልቀቱንም ከ12 ወደ 12.6 አስረዝሞታል። ዘንጉ ደግሞ 12.5 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ጠፋ፤ ማዞሪያው ብረቱ ላይ ተቀመጠ። የውጪው ስፋትም ከ40 ወደ 42 አድጓል፤ ማንም ግን ይህን አልፈለገም።

ክርክሩ በሙሉ እዚህ ማዞሪያ ውስጥ አለ። ክፍተት የሚደመር ነገር ነው፤ ማሳደግ ግን ማባዛት ነው። ዘንጉ ሁለት ወይም ሦስት አሥረኛ ይፈልጋል፣ ጥልቀቱ ምንም አይፈልግም፣ የውጪው ስፋት ምንም አይፈልግም። ሁሉንም በአንድ ቁጥር ያባዛ ሰው አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ያበላሻል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም ይህን ያደረገው። የያዘው ፋይል በቀላሉ ያስቻለው ይህን ብቻ ስለነበረ ነው። በሜሽ ውስጥ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም፤ ያሉት ነጥቦች ናቸው። ጥልቀትም የለም፤ ከሌሎቹ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ነጥቦች ናቸው። «ይህ ቀዳዳ የተሠራው ለዚያ ዘንግ ነው» የሚለው ሐሳብ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ግን አልገባም።

የብሌንደር ሰዎች ለዚህ መልስ አላቸው። የቀዳዳውን ነጥቦች ብቻ መርጦ ማስፋት ይችል ነበር ይላሉ። ይችላል። ጥልቀቱን ሳይነካ ጎን ለጎን ብቻም ማስፋት ይችላል። ነገር ግን ልኩን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ቢሞክር ሦስት ጊዜ ነጥብ ይመርጣል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከጎን ያለች አንዲት ነጥብ ብትቀር ወይም ብትጨመር ግድግዳው ይጣመማል፤ ይህንንም የሚያውቀው ከታተመ በኋላ ነው። ቀዳዳው ከማዞሪያው አካል ጋር በቡሊያን ከተቆረጠ ወዲያ ደግሞ ነጥቦቹ ተደባልቀው ለመምረጥ ያስቸግራሉ። ሞዲፋየሮቹን ሳያጸድቅ ቢሠራስ? አዎ፣ በብሌንደርም የሥራ ደረጃዎችን ክፍት አድርጎ ማቆየት ይቻላል፤ ጎበዞቹ እንዲህ ያደርጋሉ። ግን እንዲህ የሚሠራ ሰው ምን እያደረገ ነው? ለዚያ ባልተሠራ መሣሪያ ፓራሜትሪክ ሥራ እየሠራ ነው። ጀማሪውን ለምን በዚያ ዙሪያ ጥምጥም እንወስደዋለን?

እዚህ ላይ ከራሴ ወገን ጋርም አልስማማም። የካድ ሰዎች ብሌንደርን ሲነቅፉ ቀድመው የሚያነሱት ክቡ እውነተኛ ክብ አይደለም የሚለውን ነው። እውነት ነው፤ ሳይነኩት ብሌንደር የሚሰጠው ክብ 32 ጎን ያለው ቅርጽ ነው። ቢሰላ ግን 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ላይ በጠፍጣፎቹ መካከል የሚጠፋው ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፕሪንተሩ ራሱ ከዚያ በላይ ይሳሳታል። 40 ሚሊ ሜትር በሆነው የውጪ ዙሪያ ላይ ጠፍጣፎቹ ለዓይን ይታያሉ፤ ጎኖቹን ማብዛት ግን መፍትሔው ነው። በዚህ ክርክር ብሌንደርን ማሸነፍ አይቻልም፤ ጉዳዩም እሱ አይደለም። የማዞሪያው ልጅ የተሸነፈው በክቡ ጥራት አልነበረም።

ይልቅ ለጀማሪ አደገኛ የሆነው ሌላው የፖሊጎን ልማድ ነው። ቅርጹን ለማለስለስ `Subdivision Surface` የሚባለውን ሞዲፋየር መጫን። ስልቱን ኤድዊን ካትሙልና ጂም ክላርክ በ1978 ነው ያቀረቡት፤ በ1997 ፒክሳር በሠራው «ጌሪስ ጌም» በተባለ አጭር ፊልም ላይ የሽማግሌውን ፊት ለማውጣት ውሏል። ድንቅ ስልት ነው። ግን የፊት ቆዳ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የሚለካ ተመልካች የለም። ስልቱ የሚያለሰልሰው ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ በመሳብ ነው፤ አንተ የምትይዛቸው ነጥቦች ከገጹ ውጪ ይቀራሉ። ጎኑ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩብ ወስደህ ሞዲፋየሩን ደረጃ በደረጃ ብታበዛበት ከገጽ ወደ ማዶው ገጽ የሚለካው ወደ 33.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ስድስት ሚሊ ሜትር ከምን ተነስቶ ጠፋ? ጀማሪው ማያ ገጹ ላይ 40 ብሎ ጽፏል፤ የታተመውን በካሊፐር ሲይዘው ሌላ ቁጥር ያነባል፤ ጥፋቱንም ፕሪንተሩ ላይ ያደርጋል። ጠርዙ ላይ ተጨማሪ መስመር አስገብቶ መሳቡን መግታት እንደሚቻል የሚያውቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም የሚያገኘው ልኩን ሳይሆን ለልኩ የቀረበውን ነው።

አሁን ስለ ፈጠራ እናውራ፤ ይህ የክርክራቸው ልብ ነውና። ልኬት መጠየቅ ፈጠራን ያስራል? የማዞሪያ ፈጠራ የት ነው ያለው? እርጥብ እጅ ሲይዘው እንዳያንሸራትት ስንት ጎድጎድ ይኑረው፣ ጭረቱ ከሩቅ ይታያል ወይ፣ ከምድጃው ሙቀት ይርቃል ወይ፣ አንዲት አሮጊት ለማዞር ምን ያህል ክንድ ያስፈልጋታል፤ እነዚህ ናቸው። ሁሉም ልኬቶች ናቸው። ልኬት የማይጠይቅ ፕሮግራም ጀማሪውን ነጻ አላወጣውም፤ ጥያቄዎቹን ደበቀበት። ፍሪካድ በሚባለው ፓራሜትሪክ ፕሮግራም ውስጥ ስትስል ሥዕሉ ያልተወሰነ ነገር እስካለው ድረስ ስንት ነገር እንደቀረ ይነግርሃል፤ ሁሉም ሲወሰን መስመሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ። ያ ቀለም እስኪመጣ ድረስ የምታደርገው ፍለጋ ራሱ ዲዛይን ነው። «ይህ ርቀት ስንት ይሁን?» ሲልህ መልሱን ካላወቅህ ማዞሪያውን ገና አላሰብኸውም ማለት ነው።

ነርብስን የሚያስቀድሙት ወገኖች ላይ ረዥም መሄድ አያስፈልገኝም። መነሻቸው ከአንድ ስሕተት ነው፤ ነርብስንና ሶሊድን እንደ ሁለት ተቃራኒ መንደሮች ያዩአቸዋል። አይደሉም። የሶሊድ ፕሮግራም አንድን አካል የሚያስቀምጠው በገጾች ከብቦ ነው፤ ከእነዚያ ገጾች ቀላሎቹ ጠፍጣፋና ሲሊንደር ናቸው፣ ጠማሞቹ ደግሞ ነርብስ ናቸው። ፒየር ቤዚዬ በሬኖ፣ ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮየን ለመኪና አካል ያበጁት ሒሳብ ዛሬ በፓራሜትሪኩም ፕሮግራም ሆድ ውስጥ አለ። ልዩነቱ ሶሊዱ ገጾቹ ተዘግተው ውስጥና ውጪ እንዳላቸው ራሱ መጠበቁ ነው። በራይኖ ውስጥ ገጽ በገጽ የሚሠራ ጀማሪ ይህን ጥበቃ በእጁ ያደርጋል። ሁለት ገጾች ሲገጥሙ ፀጉር የምታህል ክፍተት ብትቀር አካሉ ክፍት ነው፤ ዓይን አያየውም፤ `ShowEdges` ብሎ ያልተጋጠሙትን ጠርዞች ሲያወጣ ነው የሚገለጥለት። ዘንጉ 6 ሳይሆን 8 ነው ቢባል ደግሞ የተቆረጠው ገጽ ተመልሶ ይሠራል። ብርሃን በገጹ ላይ ሳይሰበር እንዲፈስ የሚፈለግበት ሥራ፣ የመኪና በር ወይም የምላጭ እጀታ፣ ነርብስን በቀጥታ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ሥራው የመኪና በር የሆነ ጀማሪ ግን ማነው?

ወደ ማዞሪያው እንመለስ፤ ከልጁ ጋር በፍሪካድ እንደገና ሠራነው። መጀመሪያ የከፈትነው ሥዕል ሳይሆን ሠንጠረዥ ነው። ሦስት ቁጥሮች ጻፍን፤ የዘንጉ ውፍረት `shaft` 6፣ ጠፍጣፋው `flat` 4.5፣ ክፍተቱ `gap` 0.2። ከዚያ 40 ሚሊ ሜትር ክብ ስለን በ`Pad` አቆምነው፤ ከሥሩ ዲ ቅርጹን ስለን በ`Pocket` 12 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቆረጥን። የዲ ቅርጹ ሁለት ልኬቶች ላይ ቁጥር አልጻፍንም፤ የጻፍነው ምክንያቱን ነው፦

```
Spreadsheet.shaft + Spreadsheet.gap
Spreadsheet.flat + Spreadsheet.gap
```

ቀዳዳው 6.2፣ ጠፍጣፋው 4.7 ሆነ። ሁለቱም ላይ እኩል ሁለት አሥረኛ ተደመረ፤ ጥልቀቱና ውጪው አልተነኩም። ጎድጎዶቹን አንዱን ሠርተን ዙሪያውን ደገምናቸው፤ ጠርዙን ማለስለሱን መጨረሻ ላይ አደረግነው።

ሙሉውን ማዞሪያ አላተምንም። ቁመቷ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ውስጧ ያ ቀዳዳ ብቻ ያለባት ቀለበት ሦስት ጊዜ አወጣን፤ በ0.1፣ በ0.2 እና በ0.3 ክፍተት። የመጀመሪያዋ ዘንጉን አልቀበልም አለች። ሁለተኛዋ በመዶሻ ካልሆነ አትገባም። ሦስተኛዋ በአውራ ጣት ግፊት ገባች፣ ስትዞርም አልተንገጫገጨችም። ሠንጠረዡ ላይ 0.2ቱን 0.3 አደረግነው፤ ማዞሪያው በሙሉ ራሱን አስተካከለ። ይህ ቀዳዳ 6.3 ነው፤ ልጁ በአምስት በመቶ ያገኘው ያው 6.3። ጥልቀቱ ግን 12 እንደሆነ ቀረ፤ ግንባሩንም አይፍቅም። ሌላም ያገኘነው አለ። 0.3 የዚያ ማዞሪያ ቁጥር ብቻ ሳትሆን የዚያ ፕሪንተርና የዚያ ፕላስቲክ ቁጥር ናት፤ በሚቀጥለው ሥራው ከእሷ ይነሳል። ከፖሊጎኑ ፋይል እንዲህ ያለ የሚሸጋገር ነገር አልወጣም።

ይህ መንገድ የራሱ ሕመም አለው፤ አልደብቀውም። የፍሪካድ አሮጌ ቅጂዎች ለጠርዞችና ለገጾች ቁጥር ይሰጡና ቀደም ያለ ሥዕል ሲቀየር ቁጥሩ ይዛባባቸው ነበር፤ ያለሰለስኸው ጠርዝ በድንገት ሌላ ጠርዝ ላይ ይወጣል ወይም ሥራው ቀይ ምልክት አውጥቶ ይቆማል። በኅዳር 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው 1.0 ቅጂ ይህን በእጅጉ አሻሽሎታል፤ ጨርሶ አላጠፋውም። ማለስለሱን እስከ መጨረሻ ያቆየነው ለዚህ ነው። የሰው ፊት፣ የእንስሳ ምስል፣ ለጨዋታ የሚሆን ገጸ ባሕርይ የሚሠራ ጀማሪ ደግሞ ከብሌንደር ይጀምር፤ እዚያ ፍሪካድ ያሰቃየዋል። ጥያቄው ግን ስለ ምርት ነው፤ ከሌላ ዕቃ ጋር ስለሚገጥም፣ ስለሚገባ፣ ስለሚዘጋ ነገር።

ፕሪንተሩ ዞሮ ዞሮ ሦስት ማዕዘን ነው የሚቀበለው የሚለውም ክርክር እዚህ ይወድቃል። ፕሪንተሩ የሚቀበለው ያን ነው፤ ልጁ የሚያስቀምጠው ፋይል ግን ለምን ያን ይሁን? ማዞሪያውን ነገ በአሉሚኒየም ማስቆረጥ ቢፈልግ የማሽን ሾፕ ባለሙያው የሚጠይቀው `STEP` ፋይል ነው፤ በእሱ ውስጥ ቀዳዳው እውነተኛ ሲሊንደር ሆኖ ይደርሰዋል። `STL` ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች እንኳ አይናገርም። ከፓራሜትሪኩ ሁለቱም ይወጣሉ፤ ከሜሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ንጹሕ ሲሊንደር ማግኘት ግን ለጀማሪ እንደገና መሥራት ማለት ነው። «በኋላ ትሻገራለህ» የሚለው ተስፋ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው፤ የሚሻገርበት ድልድይ የለም፤ ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ያውም ልኬት ያለመጠየቅን ልማድ ይዞ።

ልጁ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። የአክስቱ ምድጃ ዘንግ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘው፤ ጠፍጣፋውም ሌላ ነው። ካሊፐሩን አውጥቶ ለካ፣ ፋይሉን ከፈተ፣ በሁለት ሕዋሶች ላይ ሁለት ቁጥር ቀየረ፣ አተመ። ምድጃው ላይ ሲያስገባው እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ እንደገባ በስልክ ነገረኝ። በግንባሩና በማዞሪያው መካከል ወረቀት ማለፉን ሳይጠየቅ ነው የነገረኝ። የመጀመሪያ ምርቱን ሊሠራ የሚነሳ ማንም ሰው ከዚህ ነው መጀመር ያለበት፤ ካሊፐር በእጁ፣ ባዶ ሠንጠረዥ በፊቱ፣ የመጀመሪያዋም ሕዋስ የዘንጉ ውፍረት።